«ስልሳ» እና «ሠልሳ»

ውሉ ስምንት ገጽ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኝ አንድ መጋዘን ለሦስት ዓመት በወር 180,000 ብር ተከራይቷል። አከራዩ የመጋዘኑ ባለቤት፣ ተከራዩ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ዱባይ የሚኖር ሸሪክ አለው፤ ሸሪኩ አማርኛ ስለማያነብ ውሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይላክለታል። ሥራው የደረሳት አንዲት ወጣት ተርጓሚ ናት። አንባቢ እንዲያውቀው፣ ልጅቷም ውሉም ነገሩን ለማስረዳት የተቀናበሩ ናቸው፤ የገጠማት ችግር ግን በየትርጉም ቤቱ የሚገጥም ነው።

አንቀጽ 5 እንዲህ ይላል፦ «አከራይ ውሉን ከጊዜው በፊት ለማቋረጥ ሲፈልግ ለተከራይ የስልሳ (60) ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።» አንቀጽ 11 ላይ ደግሞ የተከራዩ ተራ ይመጣል፦ «ተከራይ የንግድ ሥራውን ሲያቋርጥ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር ለአከራይ የሠልሳ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል።» በዚህኛው ላይ በቅንፍ የተጻፈ አኃዝ የለም። አንቀጽ 12 ማስጠንቀቂያውን አሳጥሮ የወጣ ወገን የጎደሉትን ቀናት ኪራይ እንደሚከፍል ይደነግጋል።

ልጅቷ መጀመሪያ አላስተዋለችውም። አማርኛ አንባቢ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማለፍ ይለምዳል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ኃላፊነት» እና «ሀላፊነት»፣ «ዓመት» እና «አመት» በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ቢያገኝ ዓይኑ አይደናቀፍም። በጥንቱ ግዕዝ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በአማርኛ ግን ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው። ድምፁ አንድ ሲሆን ፊደሉ ብቻ ቀረ፤ ፊደሉንም እያንዳንዱ ሰው እንደ ትምህርቱና እንደ ልማዱ ይጽፈዋል። ስለዚህ አንቀጽ 11ን ሲያነቡ «ያው ስልሳ ነው፤ ጸሐፊው በንጉሡ ሠ ጽፎት ነው» ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው።

ያስቆማት ማኅተም ከመደረጉ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ ንባብ ነው። በብዙ ትርጉም ቤቶች አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ትርጉሙን በዓይኑ ይከተላል። አንባቢዋ እሷ ነበረች። አንቀጽ 11 ላይ ስትደርስ አፏ «ስልሳ» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን እንደዚያ አይነበብም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። በአማርኛ አጻጻፍ ሁለት ዓይነት ልዩነት አለ። የመጀመሪያው የፊደል ዘር ልዩነት ነው፦ ሰ በሠ፣ ሀ በሐ ሲተካ። ይህ በአማርኛ ንባብ ድምፁን አይለውጥም። «ስልሳ» በንጉሡ ሠ «ሥልሳ» ተብሎ ቢጻፍ ንባቡ ያው ነው፤ ተርጓሚም በድፍረት 60 ብሎ ማለፍ ይችላል። ሁለተኛው የቤት ልዩነት ነው፦ ግዕዝ በሳድስ፣ ራብዕ በሳድስ ሲተካ። ይህ ድምፅ ይለውጣል፤ ድምፅ ከተለወጠ ደግሞ ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። «ሠልሳ» በግዕዝ ቤት በሚነበብ ሠ ይጀምራል፤ «ስልሳ» በሳድሱ ስ። ሁለቱን አንድ የሚያስመስላቸው የፊደሉ ዘር መለዋወጡ ዓይንን ስለሚያዘናጋ ነው። ዓይን የለመደውን ልዩነት አይቶ ይቅር ሲል፣ ያልለመደው ልዩነት አብሮ ያልፋል።

ታዲያ «ሠልሳ» ምንድን ነው? በአማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም። አጠገቡ የቆሙ ሁለት ቁጥሮች ግን አሉ። አንዱ «ስልሳ» ነው፣ ሌሎች «ስድሳ» የሚሉት፣ 60። ሌላው «ሠላሳ» ነው፣ 30። ከ«ሠልሳ» ውስጥ ሳድሱን ል ወስደው ራብዑን ላ ቢያስገቡ ሠላሳ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያለውን ሠ ወደ ስ ቢመልሱ ስልሳ ይሆናል። ልጅቷ አንድ ቃል በሁለት አጻጻፍ ያየች መስሏት ነበር፤ አሁን ከፊቷ ያለው ሁለት ቁጥር ሊሆን የሚችል አንድ ቃል ነው።

በገንዘብ እንየው። ተከራዩ ግንቦት 30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ለአከራዩ አስረከበ እንበል፤ ቀኑም ከማግስቱ ጀምሮ ይቆጠር። ቃሉ ሠላሳ ከሆነ ግዴታው ሰኔ 30 ያበቃል። ስልሳ ከሆነ ሐምሌ 30። የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀለዋል፤ ልዩነቱ የአንድ ወር ኪራይ፣ 180,000 ብር ነው። ሰኔ 30 መጋዘኑን ለቆ የወጣ ተከራይ ትክክለኛው ቁጥር ስልሳ ሆኖ ከተገኘ በአንቀጽ 12 መሠረት ይህንን ገንዘብ ይከፍላል። አከራዩም ሠላሳ መሆኑ ከተረጋገጠበት የጠበቀውን አንድ ወር ያጣል።

ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ማንም ጥሩ ተርጓሚ የሚያደርገውን ነው፤ ዓይኗን ተጠራጠረች። እጇ ላይ ያለው ስካን የተደረገ ቅጂ ነበር። በደበዘዘ ስካን ላን ከል መለየት ያስቸግራል፤ ላ የሚታወቀው ቀኝ እግሩ ረዘም ብሎ በመውረዱ ነው፣ ያ ጫፍ በስካን ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው ዋናውን እንዲያመጣላት ጠየቀች። ዋናው መጣ፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ል ነው። የቅጂ ጉድለት አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሉን በሙሉ ፈተሸችው። የሚፈለገው ቃል ብቻ አልነበረም፤ የጸሐፊው ልማድ ነበር የሚፈለገው። አንድ ሰው ሲጽፍ በፊደል አመራረጡ ይታወቃል። ከደንበኛው ያገኘችውን የኮምፒዩተር ቅጂ ከፍታ በፍለጋ ስትሞክር አንድ ነገር ማስታወስ ነበረባት፦ ኮምፒዩተር ሰን እና ሠን ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። «ስራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሥራ»ን አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በየአጻጻፉ ለየብቻ መፈለግ ግድ ነው፦ ስልሳ፣ ሥልሳ፣ ሰልሳ፣ ሠልሳ፣ ስድሳ፣ ሰላሳ፣ ሠላሳ። አንዱን ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት በዚህ ሥራ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ያገኘችው ነገር ትርጉም ያለው ነበር። ከአንቀጽ 11 በስተቀር ውሉ ሁሉ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ነው፦ «ስራ»፣ «ሰራተኛ»፣ «ስርዓት»። አንቀጽ 11 ብቻውን «ሥራውን» ይላል፣ «ሠልሳ» ይላል። ከዚህ ተነስቶ አንቀጹ ከሌላ ውል የተቀዳ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። የኪራይ ውል የሚያዘጋጁ ሰዎች አንድን አንቀጽ ከአሮጌ ውል አንስተው አዲሱ ላይ መለጠፋቸው የዕለት ተዕለት አሠራር ነው። የአንቀጽ 11ን የመጀመሪያ ጸሐፊ ማንነት አናውቅም፤ ንጉሡ ሠን ከእሳቱ ሰ ለይቶ የሚጽፍ ሰው እንደነበር ግን እናውቃለን።

እንዲህ ያለ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ የፊደሉ ዘር ራሱ ይናገራል። በግዕዝ ሦስት «ሠለስቱ» ነው፣ በንጉሡ ሠ፤ ሠላሳም ሥላሴም ከዚያው ቤት ናቸው። ስድስት «ስድስቱ» ነው፣ በእሳቱ ሰ፤ ስድሳም የዚያ ዘመድ ነው። ይህ ልዩነት ፊደል ስንቆጥር በየቀኑ አፋችን ላይ ነበር፤ ሦስተኛው ቤት «ሣልስ» የሚባለው፣ ስድስተኛው «ሳድስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ልማዱን የሚጠብቅ ጸሐፊ በንጉሡ ሠ የጀመረው ቁጥር ሠላሳ ሊሆን ይገባል።

ቁልፍ ሰሌዳውም ወደዚያው ያዘነብላል። ዛሬ አብዛኛው ሰው አማርኛ የሚጽፈው በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየመታ ነው። `slsa` ሲመታ ስልሳ ይወጣል፤ `selasa` ሲመታ ሰላሳ። `selsa` ከመታ ሰልሳ ይሆናል። ሠን ለማውጣት ደግሞ ተጨማሪ ምት ያስፈልጋል። ሠላሳ ሊጽፍ የነበረ ሰው አንዲት `a` ብቻ ቢዘልል «ሠልሳ» ይጽፋል። ስልሳ ሊጽፍ የነበረ ሰው ግን «ሠልሳ» ላይ ለመድረስ የማያስፈልግ `e` መጨመርም፣ የፊደሉን ዘር መለወጥም አለበት። አንድ ስሕተት ከሁለት ስሕተት ይልቅ ቅርብ ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ሠላሳ ይላል። ግን ሌላው ወገንም ባዶ እጁን አይደለም። አንቀጽ 5 ለአከራዩ ስልሳ ቀን ደንግጓል፤ የሁለት ወገን ማስጠንቀቂያ እኩል መሆን የተለመደ ነገር ነው። ስልሳን በንግግሩ እየተመራ «ሰልሳ» ብሎ የሚጽፍ ሰውም አይጠፋም። አንቀጹ ከሌላ ውል ተቀድቶ ቢሆንም፣ ሁለቱ ወገኖች ሲፈርሙ ያሰቡት ስልሳ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ያሰበው ቁጥርና ፈራሚዎቹ የተስማሙበት ቁጥር የግድ አንድ አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ውስጥ ካሉት አንጋፋ ተርጓሚ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጽፋሉ?»

አንጋፋው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «እኔ ሠላሳ ነው የሚመስለኝ» አሏት። «አንቺስ?»

«ለኔም።»

«እንግዲህ ሁለታችንም መስሎናል። ልጄ፣ የሚመስለንን ጽፈን ማኅተም ብናደርግበት ዱባይ ያለው ሰው መምሰሉን በምን ያውቃል?»

ይህ ጥያቄ የሙያውን ወሰን ያሳያል። በአማርኛ «ውል መተርጎም» ሁለት ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1732 ጀምሮ ስለ ውሎች አተረጓጎም ይደነግጋል፤ እዚያ መተርጎም ማለት ዳኛ የውሉን አሻሚ ቃል ፈትቶ ተዋዋዮቹ ምን እንዳሰቡ መወሰን ነው። ተርጓሚዋ የምትሠራው ሌላ ነው፤ በአንድ ቋንቋ የተጻፈውን በሌላ ቋንቋ ማቅረብ። አሻሚ የሆነውን ግልጽ አድርጋ ካቀረበች የዳኛውን ሥራ ሠራች ማለት ነው፤ ያውም ማንንም ሳትሰማ።

ዳኛው ቢሆን በምን ይመራል? ሕጉ መጀመሪያ የሚለው፣ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮችን ሐሳብ ሊፈልግ አይችልም ነው፤ ይህ አንቀጽ 1733 ነው። «ሠልሳ» ግልጽ አይደለም። እንግዲያው አንቀጽ 1734 ይመጣል፦ ቃሉ አሻሚ ሲሆን የሁለቱ ወገኖች የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል፤ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩት ሁኔታ ይታያል። የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች፣ ረቂቆች፣ ቀደም ብለው የተፈራረሙት ውል ካለ እሱ፣ ሁሉም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የውሉ ድንጋጌዎች አንዱ በሌላው እየታገዘ እንዲተረጎም ያዛል፤ አንቀጽ 5 የሚጠቅሰው ስልሳ ቀን እዚህ ክብደት ያገኛል። ይህ ሁሉ ታይቶ ጥርጣሬው ካልጠራ ደግሞ ትርጉሙ ግዴታውን ለገባው ወገን እንዲያደላ ሕጉ ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ ያለበት ተከራዩ ነውና ይህ ለአጭሩ ጊዜ ያግዛል ብሎ መከራከር ይቻላል። የተከራዩ ጠበቃ ይህን ይላል፤ የአከራዩ ጠበቃ አንቀጽ 5ን ያነሳል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው።

የሕግ ሰው ያልሆነ አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ የአማርኛው ቅጂ አለ አይደለም? ክርክር ከተነሳ እሱ ይታያል» ሊል ይችላል። እውነት ነው። በዚህ ውል መጨረሻም በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው እንደሚጸና ተጽፏል። ግን ችግሩ የሚደርሰው ከክርክሩ በፊት ነው። ዱባይ ያለው ሸሪክ የሚያነበው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ለመውጣት ሲያቅድ፣ ሌላ መጋዘን ሲከራይ፣ ዕቃ ሲያጓጉዝ ቀን የሚቆጥረው ከዚያ ተነስቶ ነው። እንግሊዝኛው 30 ቢለው በሠላሳ ቀን ይወጣል፤ የአማርኛው ቅጂ አሻሚ መሆኑን የሚሰማው የ180,000 ብር መጠየቂያ ሲደርሰው ነው። በልቡ አምኖ የተቀበለው ቁጥር የተርጓሚዋ ግምት እንደነበር ያን ጊዜ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ግልጽ የሆነ ስሕተት ሲሆንስ? ያ ሌላ ነገር ነው። በዚሁ ውል አንቀጽ 8 ላይ «ተከራይ የወሩን ኪራይ ለተከራይ ይከፍላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። በአማርኛ የኪራይ ውል «ተከራይ» እና «አከራይ»ን የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ ጣት ስትቸኩል ይቀያየራሉ። ማንም ለራሱ ኪራይ ስለማይከፍል ትክክለኛው ንባብ አንድ ብቻ ነው። እንደዚህም ሆኖ ጥንቁቅ ተርጓሚ ዝም ብሎ አያርመውም፤ ዋናው ላይ ያለውን እንዳለ አስቀምጦ «በዋናው ላይ እንዲህ ይላል፤ አከራይ ለማለት ይመስላል» ብሎ በግርጌ ይጽፋል። በዚህና በአንቀጽ 11 መካከል ያለው ልዩነት፣ እዚያ ማስታወሻው ግምቱን ሊናገር መቻሉ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ንባብ ስላለ ሁለቱንም ማሳየት አለበት።

እንግዲህ ምርጫዋ ከስልሳና ከሠላሳ መካከል አልነበረም። መምረጥ የነበረባት ጥርጣሬውን ሸፍኖ ንጹሕ የሚመስል ገጽ በማስረከብና፣ ጥርጣሬውን ገጹ ላይ አውጥቶ ከደንበኛው ጋር በመነጋገር መካከል ነው። ንጹሑ ገጽ ደንበኛው የሚወደው ነው። ማስታወሻ ያለበት ገጽ «ተርጓሚዋ አልቻለችም» የሚያሰኝ መስሎ ይታያል፤ በተለይ ለጀማሪ ይህ ያስፈራል። የተከራዩ ጉዳይ አስፈጻሚ ሲደውል የተናገረውም ይህንኑ ነበር፦ «እህቴ፣ እኛ ቁጥር ነው የምንፈልገው። አንዱን ጻፊና ጨርሺልን።»

አልጻፈችም። በአንቀጽ 11 እንግሊዝኛ ትርጉም ላይ፣ የቀኑ ቁጥር በሚገባበት ቦታ፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «30 ወይም 60፤ የተርጓሚ ማስታወሻ 1ን ይመልከቱ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አስቀመጠች። ማስታወሻውን በዚያው ገጽ ግርጌ አደረገችው፤ መጨረሻ ገጽ ላይ የተከማቸ ማስታወሻ ብዙ ሰው አያነበውም። ይዘቱ በአማርኛ ቢነገር እንዲህ ነው፦

«በአማርኛው ዋና ሰነድ ላይ ቃሉ ‹ሠልሳ› ተብሎ ተጽፏል። ይህ አጻጻፍ የታወቀ ቁጥር አይደለም። ‹ሠላሳ› (30) ወይም ‹ስልሳ› (60) ለማለት ሊሆን ይችላል። አንቀጽ 5 ላይ ‹ስልሳ (60)› በግልጽ ተጽፏል። በአንቀጽ 11 ከቃሉ ቀጥሎ አኃዝ አልተጻፈም። ተርጓሚዋ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠችም።»

የፊደሉ ዘር፣ የቁልፍ ሰሌዳው ምት፣ የ«ሥራ» እና የ«ስራ» ጉዳይ በማስታወሻው ውስጥ አልገቡም። እነዚህ ለእሷ ጠቃሚ ፍንጮች ነበሩ፤ ማኅተም ባለው ትርጉም ላይ ቢጻፉ ግን ለአንዱ ወገን መሟገት ይሆናሉ። ማስታወሻ የሚጽፍ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ያብራራል። ሰነዱ ላይ ምን እንዳለ፣ ምን ምን ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል፣ ተርጓሚው ምን እንዳደረገ፤ ይህ ይበቃል።

ከትርጉሙ ጋር ለጉዳይ አስፈጻሚው አጭር ደብዳቤ ላከች። ሁለቱ ወገኖች ቃሉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠየቀች፤ ከቻሉም የውሉን ረቂቅና ከዚያ በፊት የነበረ ውል ካለ እንዲፈልጉ። የስልክ መልስ በቂ አለመሆኑንም አከለችበት። «ሠላሳ ነው» ብሎ በስልክ የነገራት ሰው ነገ ሌላ ነገር ቢል የምትይዘው ነገር የላትም፤ በስልክ ቃልም የተፈረመ ውል አይታረምም።

መልሶቹ መጡ። ጉዳይ አስፈጻሚው ሠላሳ እንደሆነ ምንም ጥርጥር እንደሌለው ጻፈ። አከራዩ ስልሳ እንደሆነ ምንም ጥርጥር እንደሌላቸው ጻፉ። ሁለቱም እየዋሹ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሲፈርም ያነበበው የሚስማማውን ቁጥር ነው፣ ከዚያም ወዲህ አልተነጋገሩበትም። ተርጓሚዋ ማለዳ አንዱን ጽፋ ቢሆን ኖሮ ይህ አለመግባባት ተደብቆ ተከራዩ መጋዘኑን እስኪለቅ ይቆይ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከአሮጌ ወረቀት ነው። ተከራዩ ከዚህ በፊት በዚያው ግቢ ትንሽ መጋዘን ተከራይቶ ነበር። ያንን ውል ሲያወጡት አንቀጽ 11 ቃል በቃል እዚያ ተገኘ፦ «የሠላሳ (፴) ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ።» በግዕዝ ቁጥር፣ በንጉሡ ሠ። ከአሮጌው ውል ወደ አዲሱ ሲተየብ አንድ ላ ወደ ል ተለወጠ፤ ቅንፉም ከነቁጥሩ ቀረ፤ ምናልባት ታይፒስቷ የግዕዙን አኃዝ ከቁልፎቹ መካከል አላገኘችውም ይሆናል። አከራዩ ወረቀቱን ካዩ በኋላ አልተከራከሩም። ይሁን እንጂ በአዲሱ ውል ስልሳ እንዲሆን እፈልግ ነበር አሉ፤ ተከራዩም መጋዘኑ አሁን ትልቅ መሆኑንና ሌላ ተከራይ ማግኘት ጊዜ እንደሚወስድ ተቀበለ። ተደራድረው በአርባ አምስት ቀን ተስማሙ።

ይህም በአንድ ገጽ የውል ማሻሻያ ተጻፈ። የመጀመሪያው ውል ቀንና የምዝገባ ቁጥር ተጠቀሰበት፤ «በአንቀጽ 11 ‹የሠልሳ ቀን› የሚለው ተሰርዞ ‹የአርባ አምስት (45) ቀን› በሚል ተተክቷል፤ ሌሎቹ የውሉ አንቀጾች እንደጸኑ ይቀጥላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨመረ። ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት፤ ዋናው ውል በተመዘገበበት መንገድም ተመዘገበ። ሰነዱ ላይ ፍቆ ወይም በእስክሪብቶ ደርቦ ማረም ቀላል መስሎ ይታያል፤ ግን የተመዘገበው ቅጂና እጅ ላይ ያለው ቅጂ ከዚያ በኋላ አይመሳሰሉም፣ ማን መቼ እንዳረመውም አይታወቅም።

ማሻሻያው ለትርጉም ወደ ልጅቷ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ውል ትርጉም አልነካችውም፤ «ሠልሳ» ከነማስታወሻው ባለበት ቆየ፣ ዋናው ሰነድ ላይ ያለው እሱ ነውና። ማሻሻያውን ለብቻው ተርጉማ 45ን በፊደልም በአኃዝም ጻፈች፤ የማረጋገጫ ቃሉ ላይ ሁለቱን ሰነዶች ከነቀናቸው ዘርዝራ ፈረመች።